ሼፕፋይል ያለቦታው ለምን ይታያል? የጠፋውን የኮኦርዲኔት ሲስተም መግለጫስ እንዴት መመለስ ይቻላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሼፕፋይሉን ስከፍተው ባሕር መሃል ወይም ከካርታው ውጭ ይታያል። ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። በ`.shp` ፋይል ውስጥ የሚቀመጡት ነጥቦች፣ መስመሮችና ቅርጾች ሁሉ የኤክስና የዋይ ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ቁጥሮቹ ሜትር ይሁኑ ወይም ዲግሪ፣ ከየትኛው መነሻ እንደተለኩ፣ በየትኛው የምድር ቅርጽ ሞዴል እንደተሰሉ በዚያ ፋይል ውስጥ የተጻፈ ነገር የለም። ይህን የሚናገረው አጠገቡ የሚቀመጥ `.prj` የሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው። እሱ ከሌለ ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን በጊዜው በተከፈተው ካርታ ኮኦርዲኔት ሲስተም እንደተጻፉ ቆጥሮ ይስላቸዋል። ስለዚህ የጠፋው ቦታው ሳይሆን ቦታውን የሚያስነብበው መግለጫ ነው። ቁጥሮቹ እስካልተነኩ ድረስ መግለጫውን መልሶ ማግኘት ይቻላል።

`.prj` ፋይሉ እንዴት ሊጠፋ ቻለ?

ሼፕፋይል አንድ ፋይል ሳይሆን ተመሳሳይ ስም ያላቸው ፋይሎች ስብስብ ነው። ለመከፈት ግድ የሚሉት ሦስቱ፣ ማለትም `.shp`፣ `.shx` እና `.dbf` ብቻ ናቸው። `.prj` ባይኖርም ፋይሉ ያለ ችግር ይከፈታል፤ ጉዳቱም ከዚህ ይመጣል። ሰው ሦስቱን ብቻ መርጦ በኢሜይል ይልካል፤ ሌላው ፋይሉን ስም ሲቀይር `.prj`ውን ይረሳዋል፤ አንዳንድ የስዕል ፕሮግራሞችና አሮጌ ስክሪፕቶች ደግሞ ከመጀመሪያውም አይጽፉትም። በየትኛውም መንገድ ቢጠፋ የስህተት መልእክት ስለማይመጣ ጉድለቱ የሚታወቀው ሌላ ሌየር ጎን ሲቀመጥ ነው።

ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ፋይሉን ወደ ሰጠዎት ሰው ተመልሰው «`.prj`ውን ላኩልኝ» ማለት ከሁሉም አጭሩ መንገድ ነው። ያ ካልሆነ ፋይሉ የነበረበትን ማኅደር ይፈትሹ። `.shp.xml` ወይም በቆዩ የኪውጂአይኤስ ስሪቶች የተጻፈ `.qpj` ካለ ሲስተሙ እዚያ ውስጥ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ከዚያው ምንጭ የመጡ ሌሎች ሼፕፋይሎች `.prj` ካላቸውም ጥሩ ፍንጭ ነው። ነገር ግን ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ በአንድ ማኅደር ውስጥ ሁለት ሦስት ሲስተም ተቀላቅሎ ማግኘት የተለመደ ነው።

የታየበት ቦታ ራሱ ምን ሊነግረኝ ይችላል?

ብዙ ይነግራል። ሁሉም ነገር ተጨምቆ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ ኬክሮስም ኬንትሮስም ዜሮ ከሆኑበት ነጥብ ላይ አንድ ጠብታ ሆኖ ከታየ፣ በዲግሪ የተጻፉ ቁጥሮች እንደ ሜትር ተነብበዋል። ምክንያቱም 36 ዲግሪ እንደ 36 ሜትር ሲቆጠር አንድ አገር በሙሉ ከመነሻው ጥቂት ሜትሮች ርቀት ላይ ይሰበሰባል። በተቃራኒው ሌየሩ ከዓለም ካርታ ውጭ እጅግ ርቆ ከሄደ፣ በሜትር የተጻፉ ቁጥሮች እንደ ዲግሪ ተነብበዋል።

ቅርጹ ትክክል ሆኖ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ከራቀ፣ ምድርን በኬንትሮስ ወደ 60 ዞኖች በሚከፍለው በዩቲኤም ሲስተም የዞን ስህተት ይጠረጠራል። በትክክለኛው ከተማ ላይ ተቀምጦ ከመንገዶቹ በአሥሮች ወይም በመቶዎች ሜትር ፈቀቅ ካለ ደግሞ ችግሩ ዳተም፣ ማለትም ቁጥሮቹ የተሰሉበት የምድር ቅርጽና መነሻ ነው። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም አደገኛው ነው፤ በሩቁ ሲያዩት ትክክል ይመስላልና ማንም ሳያስተውለው ሥራ ይሠራበታል።

ቁጥሮቹን እንዴት ማየት እችላለሁ?

በኪውጂአይኤስ ሌየሩ ላይ ሁለቴ ጠቅ አድርገው `Information` የሚለውን ገጽ ይክፈቱ፤ `Extent` ከሚለው ጎን ትንሹና ትልቁ ኤክስና ዋይ ተጽፈዋል። በትእዛዝ መስመር መሥራት ለሚመርጥ ይህ ይበቃል፦

```
ogrinfo -so -al roads.shp
```

ወሰኑ የሚነበበው ከ`.shp` ፋይሉ መግቢያ ላይ ስለሆነ `.prj` ባይኖርም ትክክል ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ ወሰኑን ያለቅጥ የሚያሰፋ አንድ የተሳሳተ ነጥብ ሊኖር ይችላል። ትንሹ ኤክስ 0 ሆኖ ትልቁ 268,907 ከሆነ፣ ኮኦርዲኔቱ ሳይሞላ የቀረ ነጥብ አለ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ወሰኑን ትተው የጥቂት ነጥቦችን ቁጥር በየግል ይመልከቱ።

እሺ፣ ቁጥሮቹን አየሁ። ከእነሱ ተነስቼ ሲስተሙን እንዴት እለያለሁ?

አንድ ምሳሌ ከመነሻው እስከ መጨረሻው እንሥራ። `roads.shp` የሚባል የመንገዶች ፋይል አለ እንበል። `.prj` የለውም። ከሰንጠረዡ የመንገድ ስሞች እንደሚታየው የናይሮቢ መንገዶች ናቸው። ትእዛዙ ይህን መለሰ፦

```
Extent: (249312.4, 9848205.1) - (268907.8, 9864711.3)
Layer SRS WKT:
(unknown)
```

መጀመሪያ ዲግሪ ነው ወይስ አይደለም? ኬንትሮስ ከ180፣ ኬክሮስ ከ90 አይበልጥም። እዚህ ያሉት ቁጥሮች ከዚያ እጅግ ስለሚበልጡ ዲግሪ አይደሉም።

ቀጥሎ ዩቲኤም ሊሆን ይችላል? በዩቲኤም የእያንዳንዱ ዞን መካከለኛ ኬንትሮስ 500,000 ሜትር ተብሎ ይሰየማል፤ ዞኑ ሰፊ በሆነበት በምድር ወገብ ላይ ኤክስ ከ166,000 እስከ 834,000 ገደማ ይደርሳል። የእኛ 249,312 እና 268,907 በዚህ ውስጥ ናቸው። ዋዩ ወደ 9.85 ሚሊዮን ይጠጋል። በሰሜን ንፍቀ ክበብ ዩቲኤም ከምድር ወገብ ከ0 ተነስቶ 84 ዲግሪ ላይ ሲያበቃ 9.33 ሚሊዮን አካባቢ ይቆማል። ስለዚህ ይህ ፋይል ዩቲኤም ከሆነ ሰሜን ሊሆን አይችልም፤ የምድር ወገብ 10,000,000 ተብሎ የሚቆጠርበት የደቡብ ዞን ነው።

አሁን ቁጥሩን ወደ ቦታ እንለውጠው። ከ10,000,000 ላይ 9,848,205 ሲቀነስ 151,795 ሜትር ይቀራል። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ እዚያ 110.6 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ የፋይሉ ደቡባዊ ጫፍ ከምድር ወገብ 1.37 ዲግሪ ወደ ደቡብ ነው። በኤክስ በኩል ከ500,000 ላይ 249,312 ሲቀነስ 250,688 ሜትር ይሆናል፤ ማለትም ከዞኑ መካከለኛ ኬንትሮስ 2.25 ዲግሪ ገደማ ወደ ምዕራብ።

የቀረው የዞኑ ቁጥር ነው። ይህን ግን ከቁጥሮቹ ማወቅ አይቻልም፤ 60ዎቹም ዞኖች ተመሳሳይ ቁጥሮችን ይጠቀማሉና። የሚለየው ከውጭ የሚመጣ እውቀት ነው፤ እዚህ ላይ የመንገዶቹ ስም። የአንድ ዞን መካከለኛ ኬንትሮስ የሚገኘው የዞኑን ቁጥር በ6 አባዝቶ 183 በመቀነስ ነው። ለዞን 37 ውጤቱ 39 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ ከዚያ 2.25 ሲቀነስ 36.75 ይሆናል። ናይሮቢ በትክክል እዚያ ናት። ዞን 36 ቢሆን ኖሮ ሌየሩ 6 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ሄዶ በሩዋንዳና በታንዛኒያ ድንበር አካባቢ ይወድቅ ነበር። ዞኑን 37 ብለን ሰሜን ብንለው ደግሞ ወደ ሰሜን ዋልታ ይጠጋል። በአንድ ፊደል ስህተት የሚመጣው ልዩነት ይህን ያህል ነው፤ ከዝርዝር ውስጥ `37N` እና `37S` ሲመርጡ ቀስ ብለው ያንብቡ።

ዞኑን አግኝቼ `EPSG:32737` ሰጠሁት። ከተማው ላይ ተቀመጠ፤ ግን ከሳተላይት ምስሉ ጋር አይገጥምም። ለምን?

የEPSG ቁጥር የአንድ ኮኦርዲኔት ሲስተም መለያ ነው፤ `EPSG:32737` ዞን 37 ደቡብን በደብልዩጂኤስ 84 ዳተም ይገልጻል። ዳተም ማለት የምድርን ቅርጽና መነሻ የሚወስነው መሠረት ነው፤ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብልዩጂኤስ 84ን ነው። ከጂፒኤስ ዘመን በፊት የተሠሩ ካርታዎች ግን በየአካባቢው በየራሳቸው ዳተም ነው የተሠሩት፦ በኬንያና በታንዛኒያ አርክ 1960፣ በሰሜን አሜሪካ ናድ 27፣ በአውሮፓ ኢዲ 50 እያለ ይቀጥላል። ያው የመሬት ነጥብ በሁለት ዳተም ሁለት የተለያየ ቁጥር አለው። ከወረቀት ካርታ ተገልብጦ የመጣ ሼፕፋይል የወረቀቱን ዳተም ይዞ ነው የሚመጣው።

በናይሮቢ አካባቢ በአርክ 1960 የተጻፉ ቁጥሮች ደብልዩጂኤስ 84 ናቸው ተብለው ሲነበቡ ሌየሩ ከእውነተኛው ቦታ 300 ሜትር ያህል ወደ ሰሜንና 90 ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ስለዚህ ፍለጋው በመጠኑም በአቅጣጫውም ላይ ይሁን። በፋይሉ ውስጥ ተራርቀው የሚገኙ አምስት መስቀለኛ መንገዶችን ይምረጡ፤ አራቱ ወደ ጥጎቹ፣ አንዱ መሃል ቢሆን ይመረጣል። በእያንዳንዱ ላይ ከሌየሩ እስከ ምስሉ ያለውን ርቀት በመለኪያ መሣሪያው ይለኩና አቅጣጫውን ይጻፉ።

አምስቱም ተመሳሳይ ርቀትና አቅጣጫ ካሳዩ የዳተም ስህተት ነው። ርቀቱ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው እየሰፋ ከሄደ ፕሮጀክሽኑ ወይም የመለኪያ አሃዱ ነው የተሳሳተው፤ ለምሳሌ ፉት የነበረው ሜትር ተብሎ ከተነበበ ሁሉም ነገር ከ3 እጥፍ በላይ ይለጠጣል። ርቀቱም አቅጣጫውም በየቦታው የሚለያይ ከሆነ ግን የኮኦርዲኔት ሲስተም ጉዳይ አይደለም፤ መንገዶቹ ሲሳሉ የነበረው ጥራት ነው፤ ምንም ዓይነት መግለጫ አያስተካክለውም።

በምሳሌያችን አምስቱም ወደ 310 ሜትር ርቀት በአንድ አቅጣጫ አሳዩ እንበል። ከዚያ `EPSG:21037`ን፣ ማለትም አርክ 1960 ዩቲኤም ዞን 37 ደቡብን ሰጥተን እንደገና እንለካለን። ሌየሩ መንገዶቹ ላይ ከወደቀ ግምቱ ተረጋግጧል። ከጥቂት ሜትር እስከ ሃያ ሠላሳ ሜትር የሚደርስ ቀሪ ልዩነት ቢኖር አይደንግጡ። ከአንድ ዳተም ወደ ሌላው የሚያሻግሩት ቀመሮች ብዙ ናቸው፤ ጥራታቸውም ይለያያል። ኪውጂአይኤስ ዝርዝሩን ሲያቀርብ ለዚያው አገር የተሠራውንና የተሻለ ጥራት የተጻፈበትን ይምረጡ። በአሮጌው አርክማፕ ሁለት ዳተሞች ሲገናኙ ማስጠንቀቂያ ይመጣል እንጂ ቀመሩ በራሱ አይመረጥም፤ እዚያ ላይ እሺ ብሎ ያለፈ ሰው መግለጫው ትክክል ቢሆንም ሙሉው የ300 ሜትር ልዩነት ይቀርበታል።

የሳተላይት ምስል ራሱ በጥቂት ሜትሮች ሊሳሳት እንደሚችልም አይርሱ። በምስል 300 ሜትር መለየት ይቻላል፤ 2 ሜትር ለመለየት ግን የታወቁ የቅየሳ ነጥቦች ያስፈልጋሉ።

ሲስተሙን አወቅሁ። መግለጫውን እንዴት ልጻፍለት?

መጀመሪያ የሁሉንም ፋይሎች ቅጂ ይያዙ። በኪውጂአይኤስ `Processing Toolbox` ውስጥ `Define Shapefile projection` የሚለውን ይፈልጉ፤ ሌየሩንና `EPSG:21037`ን ሰጥተው ያስኪዱት፤ `.prj`ው በዚያው ማኅደር ይጻፋል። በአርክጂአይኤስ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው `Define Projection` ነው። በትእዛዝ መስመር ደግሞ መግለጫው የተጻፈበት አዲስ ቅጂ እንዲህ ይገኛል፦

```
ogr2ogr -a_srs EPSG:21037 roads_fixed.shp roads.shp
```

በሌየሩ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጎ `Set Layer CRS` መምረጥ ለሙከራ እጅግ ጥሩ ነው፤ አንዱን ሲስተም ሰጥቶ አይቶ፣ ካልሆነ ሌላውን መሞከር ይቻላል። ነገር ግን ምርጫው የሚቀመጠው በፕሮጀክቱ ውስጥ እንጂ በሼፕፋይሉ ውስጥ አይደለም። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ያቆምና ፋይሉን ሲልከው ተቀባዩ ያንኑ ችግር እንደገና ያገኛል።

ሲስተሙ በእርግጥ አንድ ከሆነ የሌላ ሼፕፋይል `.prj` ገልብጦ ስሙን መቀየርም ይሠራል። ስሙ ግን ከ`.shp`ው ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት፤ `roads.shp` ካለ `roads.prj`። ዊንዶውስ የፋይል ቅጥያን ሲደብቅ በማስታወሻ ፕሮግራም የተጻፈው ፋይል ሳይታወቅ `roads.prj.txt` ይሆናል፤ ፕሮግራሙም ያልፈዋል። «ጻፍኩት፣ ግን ምንም አልተለወጠም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

`Define Projection` እና `Project` ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሁለቱም ኮኦርዲኔት ሲስተም ይጠይቃሉ።

የመጀመሪያው ቁጥሮቹን ሳይነካ «እነዚህ ቁጥሮች በዚህ ሲስተም የተጻፉ ናቸው» ብሎ ይናገራል። ሁለተኛው፣ በኪውጂአይኤስ `Reproject layer` የሚባለው፣ ቁጥሮቹን ራሳቸውን አስልቶ ወደ ሌላ ሲስተም ይለውጣል። መግለጫ ለጠፋበት ፋይል የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነው። መለወጥ የሚቻለውም መነሻው በትክክል ከታወቀ በኋላ ብቻ ነው።

ከባዱ ስህተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ካርታው በደብልዩጂኤስ 84 ዲግሪ ስለሆነ ሰው ለጎደለው ፋይል `EPSG:4326`ን መግለጫ አድርጎ ይጽፍለታል፤ እንዲህ ሲያደርግ ወደዚያ የለወጠው ይመስለዋል። ውጤቱ 249,312 ዲግሪ የሚል ፋይል ነው። ደግነቱ ይህ ስህተት ቁጥሮቹን ስላልነካ የተሳሳተውን `.prj` ስሙን ቀይሮ ከመንገድ ማውጣትና በትክክለኛው መተካት ይበቃል።

ፋይሉ በተሳሳተ መግለጫ ሳለ ቀድሞ ተለውጦ ቢሆንስ?

ዋናው ቅጂ ካለ ወደ እሱ መመለስ ይሻላል። ከሌለ የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል፤ ግን ሁለቱንም ሲስተሞች ማወቅ ግድ ነው። የምሳሌያችን ፋይል በስህተት `EPSG:32737` ተብሎ ከዚያ ወደ `EPSG:4326` ተለውጧል እንበል። መጀመሪያ ወደዚያው ወደ ተሳሳተው ይመለሳል፤ ቁጥሮቹ እንደ ጥንቱ ይሆናሉ። ከዚያ ትክክለኛው መግለጫ ይጻፋል፦

```
ogr2ogr -s_srs EPSG:4326 -t_srs EPSG:32737 step1.shp roads_bad.shp
ogr2ogr -a_srs EPSG:21037 step2.shp step1.shp
```

በመጀመሪያው መስመር ላይ `EPSG:21037`ን መጻፍ ያጓጓል፤ ግን ያኔ ስህተቱ በአዲስ ቁጥር ውስጥ ይቀበራል እንጂ አይነሳም። ፋይሉ ቀድሞ ሲለወጥ የዳተም ማሻገሪያ ቀመር ተጠቅመው ከነበረ ሲመለስም ያንኑ ቀመር መጠቀም ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ለውጥ ፈጽሞ ሊሰላ የማይችል ሆኖ ቅርጾቹ ባዶ ወይም `inf` ሆነው ከወጡ ግን ከዚያ ፋይል የሚመለስ ነገር የለም።

ያሉትን ሲስተሞች ሁሉ ሞከርኩ፤ አንዱም አልገጠመም። ከዚህ በኋላስ?

ቁጥሮቹን እንደገና ይዩ። ኤክስና ዋይ ቦታ ተለዋውጠው ይሆናል፤ ያኔ ሌየሩ በመስታወት እንደታየ ተገልብጦ ይታያል፤ በኪውጂአይኤስ `Swap X and Y coordinates` ያስተካክለዋል። ወይም ቁጥር ለማሳጠር ሲባል የፊቱ አሃዞች ተቆርጠው ይሆናል፦ 9,848,205 የነበረው 48,205 ተብሎ ሲጻፍ 9,800,000ን መልሶ መደመር ያስፈልጋል፤ ይህም በ`Translate` ይሠራል።

ወሰኑ ከ0 ተነስቶ እስከ ጥቂት መቶ ወይም ጥቂት ሺህ የሚደርስ ከሆነ ግን ፋይሉ ከሕንፃ ወይም ከግቢ ስዕል የመጣ፣ መነሻው ሠዓሊው የመረጠው ጥግ የሆነ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ፋይል የጠፋበት መግለጫ የለም፤ ቀድሞውንም አልነበረውም። በዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን ሲስተሞች መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። የሚያስፈልገው በስዕሉም በመሬትም ላይ የሚታወቁ ነጥቦች ናቸው። ሁለት ነጥብ ማዛወርን፣ ማዞርንና መጠን ማስተካከልን ይወስናል፤ ሦስተኛና አራተኛ ነጥብ ደግሞ ስህተቱን ያጋልጣል። ከኪውጂአይኤስ 3.26 ጀምሮ `Georeferencer` ሼፕፋይልንም ስለሚቀበል ነጥቦቹን እዚያው አስገብቶ የእያንዳንዱን ቀሪ ስህተት ማንበብ ይቻላል። የአንዱ ነጥብ ቀሪ ስህተት ከሌሎቹ እጅግ ከበለጠ፣ ስዕሉን ከመጠራጠር በፊት ያ ነጥብ በትክክለኛው የሕንፃ ጥግ ላይ መነካቱን ያረጋግጡ።